«ተከፍሎኛል» የሚለው ነገር ካፕሽኑ ላይ የት ይቀመጥ?

«ሰላም እንደምን አለሽ፣ ዓምድሽን ሁልጊዜ አነባለሁ። ብዙ ተከታይ ላላት ጓደኛዬ ካፕሽን የምጽፍላት እኔ ነኝ። አንድ የፀጉር ዘይት የሚያመርት ድርጅት ሁለት ጠርሙስ ላከላት። ለአንድ ፖስትና ለሦስት ስቶሪ ይከፍላታል፣ በእሷ ኮድ ከተሸጠው ላይም ኮሚሽን አላት። ዘይቱ ከመጣ ገና ዘጠኝ ቀኑ ነው። የድርጅቱ ሰው "ማስታወቂያ መሆኑን ከፊት አትጻፉት፣ ሰው አይቶ ያልፈዋል፤ መጨረሻ ላይ ከሃሽታጎቹ ጋር #ad ጣል አድርጉበት፣ ይበቃል" አለን። ጓደኛዬ ደግሞ "ከልቤ ወድጄዋለሁ፣ ታዲያ ምኑ ነው ማስታወቂያ?" ትላለች። ረቂቄን ልኬልሻለሁ። ምን ላድርግ?
ካፕሽን ጸሐፊዋ»

ሰላም እህቴ፣

መልሱን ላስቀድመው። ክፍያው ካፕሽኑ መጀመሪያ ላይ ይነገር፣ አንባቢው በሚገባው ቋንቋ ይነገር፣ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ይነገር። የድርጅቱን ሰው ምክር አትቀበይው። ለምን እንደሆነ ረቂቅሽን ይዘን እናየዋለን፣ ምክንያቱም ችግሩ ሃሽታጉ ላይ ብቻ አይደለም።

በመጀመሪያ ግን የጓደኛሽን ነገር እንጨርስ። ዘይቱን መውደዷን አምናታለሁ። ብትወደውም ግን ነገሩ ከማስታወቂያነት አይወጣም። መታየት ያለበት የሚያነባት ሰው ነው፦ ገንዘብ እንደተቀበለች ቢያውቅ ቃሏን በሌላ ሚዛን ይመዝነው ነበር ወይ? አዎ፣ ይመዝነው ነበር። እኔም አንቺም እንደዚያው እናደርጋለን። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን፣ በአጭሩ ኤፍቲሲ የሚባለው መሥሪያ ቤት፣ የሚጠቀመው መለኪያ ከዚህ የራቀ አይደለም። በተናጋሪውና በሻጩ መካከል አንባቢ የማይጠብቀው ግንኙነት ካለ፣ ያም ግንኙነት አንባቢው ለአስተያየቱ የሚሰጠውን ክብደት የሚቀይር ከሆነ፣ በግልጽ መነገር አለበት። ግንኙነት ሲባል ደግሞ ጥሬ ገንዘብ ብቻ አይደለም። በነፃ የተላከ ዕቃ፣ ኮሚሽን፣ ለእሷ ብቻ የተደረገ ቅናሽ፣ ድርጅቱ ውስጥ መቀጠር፣ የባለቤቱ ዘመድ መሆን፣ ሁሉም ይገባሉ። ጓደኛሽ ከእነዚህ ሁለቱ አሏት፣ በላዩ ላይ ክፍያው አለ። ስለዚህ ካፕሽንሽ ሦስት ነገር መናገር ይጠበቅበታል።

አሁን የላክሽልኝን እንየው፦

«ከረጅም ፍለጋ በኋላ ለፀጉሬ የሚሆን ነገር አገኘሁ! ሦስት ሳምንት ተጠቀምኩት፣ መሰባበሩ ቆመ፣ ልስላሴው ደግሞ ሌላ ነው። ለጣፋጩ ስጦታ አመሰግናለሁ። ኮዴን አስገብታችሁ በ10 በመቶ ቅናሽ ውሰዱ። #ፀጉር #ውበት #የፀጉር_እንክብካቤ #ad #ተፈጥሯዊ»

አጻጻፍሽ ያምራል፣ እሱን አልክድም። ግን ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ እንሂድ።

«ከረጅም ፍለጋ በኋላ አገኘሁ» ብለሻል። ፈልጋ አላገኘችውም፣ ድርጅቱ ነው እሷን ፈልጎ ያገኛት። ይህቺ ዓረፍተ ነገር ከታች የሚመጣውን ማንኛውንም ምልክት ቀድማ ታፈርሰዋለች። አንባቢው «ራሷ ገዝታ፣ ሞክራ፣ ወዳው ነው» የሚል ሥዕል ከያዘ በኋላ አምስተኛ መስመር ላይ ያለች ትንሽ ምልክት ያንን ሥዕል አትፍቀውም። ብዙ ካፕሽን ጸሐፊ የሚስተው እዚህ ጋ ነው። «ማስታወቂያ» የሚለው ቃል ካለ ጽሑፉ የፈለገውን ቢል የሚፈቀድ ይመስለዋል። ጽሑፉና ምልክቱ እርስ በርስ ከተጣሉ ግን አንባቢ የሚያምነው ጽሑፉን ነው።

«ሦስት ሳምንት ተጠቀምኩት» ደግሞ እውነት አይደለም። ዘይቱ ከመጣ ዘጠኝ ቀኑ ነው ያልሽኝ አንቺው ነሽ። ክፍያውን ብትናገሪም ያልሆነውን ሆነ ማለት አይቻልም፣ ሁለቱ የየራሳቸው ጉዳይ ናቸው። ዘጠኝ ቀን ከሆነ ዘጠኝ ቀን በይ። በዘጠኝ ቀን ምን አየች? ጠይቂያት። ስታበጥር ማበጠሪያው ላይ የሚቀረው ፀጉር ቀንሶ ከሆነ እሱን ጻፊው። «መሰባበሩ ቆመ» ግን አትበይ፣ ቆሞ መሆኑን በዘጠኝ ቀን ማንም አያውቅም። እሷ ያላየችውን ነገር ድርጅቱ «ጻፉልን» ቢል እንኳ በእሷ አፍ አይነገርም።

«ለጣፋጩ ስጦታ አመሰግናለሁ» የሚለው በጣም የተለመደ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ስጦታ የሚባለው ምንም ሳይጠበቅበት የሚሰጥ ነው። እዚህ ግን ውል አለ፣ ክፍያ አለ፣ የፖስት ቁጥር ተቆርጧል። ምስጋና ደግሞ ለማንም ይቀርባል። ዕቃ ለሸጠላት ሰውም፣ ቶሎ ላደረሰላትም ልታመሰግን ትችላለች። አንባቢ ከምስጋና ውስጥ «ተከፍሏታል» የሚለውን አያወጣም። «አምባሳደር ነኝ»፣ «በትብብር»፣ «ከእነ እገሌ ጋር» የሚሉትም ያው ናቸው። የሚያውቅ ይገባዋል፣ የማያውቅ ግን ምንም አይገባውም፣ የምንጽፈውም ለማያውቀው ነው። ኤፍቲሲ ለኢንፍሉዌንሰሮች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው አጭር መመሪያ «sp»ን፣ «spon»ን፣ «collab»ን፣ እንዲሁም ብቻቸውን የቆሙ «thanks»ንና «ambassador»ን አትጠቀሙ ያለው ለዚህ ነው።

ኮዱም አለ። አንባቢ ኮድ ሲያይ «ለእኔ ቅናሽ አመጣችልኝ» ብሎ ነው የሚያስበው። በእያንዳንዱ ግዢ እሷ ገንዘብ እንደምታገኝ ሁሉም አያውቅም። አንድ ሐረግ ጨምሪበትና ያልቃል።

አሁን ወደ ሃሽታጉ። #ad እዚያ ጋ ሦስት ችግር አለበት። አንደኛ፣ ማንም አያየውም። ኢንስታግራም ላይ ረዘም ያለ ካፕሽን ይታጠፋል፣ ስልክ ላይ የሚታየው የመጀመሪያዎቹ ጥቂት መስመሮች ብቻ ነው፣ ቀሪው «more» የሚለውን ለነካ ሰው ነው። ብዙ ሰው ደግሞ አይነካውም። ኤፍቲሲ እ.ኤ.አ. በ2017 ከ90 በላይ ደብዳቤ ለኢንፍሉዌንሰሮችና ለድርጅቶች ሲልክ ይህንኑ ነው ያስታወሰው። ሁለተኛ፣ ቢታይም ከሌሎች አራት ሃሽታጎች ጋር ተቀላቅሏል፣ የሃሽታግ ክምር ደግሞ ዓይን ዝም ብሎ የሚዘለው ቦታ ነው። ሦስተኛ፣ ካፕሽኑ በአማርኛ ነው። በአማርኛ ለሚያነብ ሰው ማስታወቂያ መሆኑን በሁለት የእንግሊዝኛ ፊደል መንገር አይሆንም፣ መመሪያውም ግንኙነቱ አስተያየቱ በተሰጠበት ቋንቋ ይነገር ይላል።

የመታጠፉ ጉዳይ የወረቀት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልሽ። ቲያሚ የሚባል ሻይ የሚሸጥ አንድ የአሜሪካ ድርጅት ነበር። ኤፍቲሲ እ.ኤ.አ. በ2018 ስለዚሁ ነገር ደብዳቤ ጻፈለት። በ2020 ግን ክስ መሠረተበት። ክሱ ስለ ሻይዎቹ ያለ ማስረጃ የተባለውን ነገር ይጨምራል፣ ከዚያ ጎን ግን ታዋቂ ሰዎች የለጠፏቸው ፖስቶች ላይ ክፍያው የተነገረው «more» ከሚለው በታች መሆኑም አለበት። ቃሉ እዚያ ነበር። ግን ሳይነኩ የማይታይ ቃል እንዳልተነገረ ነው የተቆጠረው። አሥር ኢንፍሉዌንሰሮችም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሷቸዋል። ድርጅቱ ብቻ አይደለም ማለት ነው የሚጠየቀው።

እንግዲህ እኔ ብጽፈው እንዲህ አደርገዋለሁ፦

«ማስታወቂያ፦ ለዚህ ፖስት የዘይቱ አምራች ከፍሎኛል፣ ዘይቱንም በነፃ ልኮልኛል። ዘጠኝ ቀን ተቀባሁት። ስበጠር ማበጠሪያው ላይ የሚቀረው ፀጉር ቀንሷል፣ ጫፉም ለስልሷል። ሽታው ግን ለእኔ ከበድ ይላል፣ ማታ ተቀብቼ ጠዋት ነው የምታጠበው። በኮዴ ከገዛችሁ ለእናንተ 10 በመቶ ቅናሽ አለው፣ ለእኔም ከሽያጩ ኮሚሽን ይደርሰኛል።»

የሽታውን ነገር እኔ ነኝ የጨመርኩት፣ እንዴት እንደሚገባ እንድታዪው ብዬ። ጓደኛሽ እንዲህ ያለ ነገር ካላየች አትጻፊው። ካየች ግን አትደብቂው፣ እውነተኛ ጉድለት የተጻፈበት ካፕሽን የበለጠ ይነበባል ብዬ አምናለሁ።

አቀማመጡን ተመልከቺ። «ማስታወቂያ» የመጀመሪያው ቃል ነው፣ ማን እንደከፈለና ምን እንደተሰጣት እዚያው ተከትሎ ይመጣል፣ ይኼ ሁሉ ከመታጠፊያው በፊት ነው። ኮሚሽኑ ከኮዱ አጠገብ ተቀመጠ፣ ምክንያቱም አንባቢ ስለ ኮዱ የሚወስነው እዚያ ጋ ነው። ምን ያህል እንደተከፈላት መጻፍ ግን አይጠበቅብሽም። መከፈሏ ነው የሚፈለገው። (ክሪፕቶና አክሲዮን ዓይነት ነገር ለማስተዋወቅ ከመጣችሁ ግን ሕጉ ሌላ ነው። አሜሪካ ውስጥ ኪም ካርዳሺያን እ.ኤ.አ. በ2022፣ 1.26 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል የተስማማችው አንድ ክሪፕቶ ስታስተዋውቅ የተከፈላትን 250,000 ዶላር ባለመናገሯ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ሲመጣ መጀመሪያ ጠበቃ ይታይ።)

ከመለጠፉ በፊት አንድ ሙከራ አድርጊ። መስመሮቹን ኮምፒውተር ላይ አትቁጠሪ፣ ያታልልሻል። ኢንስታግራም ላይ የአካውንቱ ስም ከካፕሽኑ ፊት ይመጣል፣ ረጅም ስም ካላት የመጀመሪያውን መስመር ግማሽ ይበላዋል። ስልኩ ላይ ፊደል ያሳደገ ሰው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው የሚያየው። ስለዚህ የሌላ ሰው ስልክ ላይ፣ ምንም ሳትነኪ፣ ክፈቺው። ከዚያ ነገሩን ለማያውቅ ሰው ለሁለት ሦስት ሰከንድ አሳዪውና «ተከፍሏታል?» ብለሽ ጠይቂው። «መሰለኝ» ካለ አልሠራም ማለት ነው፣ እንደገና ጻፊው።

«መተግበሪያው ራሱ የሚያወጣው ምልክት አለ፣ እሱን ብናበራስ?» ትዪኝ ይሆናል። አብሩት። ኢንስታግራም ከስሟ አጠገብ «Paid partnership» የሚለውን ያወጣል፣ ዩቲዩብና ቲክቶክም የየራሳቸው አላቸው፣ ማብራቱንም መተግበሪያዎቹ ራሳቸው ይጠይቃሉ። ግን እሱን ብቻ አትመኪ። ጽሑፉ ትንሽ ነው፣ በእንግሊዝኛ ሊወጣ ይችላል፣ ኮሚሽኑንም አይናገርም። በዚያ ላይ ምልክቱ ከፖስቱ ጋር አይጓዝም። ድርጅቱ ቪዲዮውን አውርዶ ሌላ ቦታ ቢለጥፈው፣ ወይ አንቺ ራስሽ ካፕሽኑን ቀድተሽ ሌላ ገጽ ላይ ብታውዪው፣ ምልክቱ እዚያው ይቀራል። ካፕሽኑ መጀመሪያ ላይ የጻፍሽው ዓረፍተ ነገር ግን አብሮ ይሄዳል።

ሦስቱ ስቶሪዎች ላይ ደግሞ ካፕሽን የለም፣ ስለዚህ ጽሑፉ ሥዕሉ ላይ ይግባ። ሦስቱም ላይ። ሰው ከመሃል ይገባል፣ የመጀመሪያውን ነክቶ ያልፋል፣ ሁለተኛውን ብቻ ለጓደኛው ይልካል። ነጭ ግድግዳ ላይ ነጭ ፊደል አታድርጊ፣ ከላይ ከስሟ ሥር ወይ ከታች የመልስ መጻፊያው ጋ አትለጥፊው፣ ሊንኩም አይሸፍነው። «ማስታወቂያ፣ ተከፍሎኛል» የሚለው አጭር ጽሑፍ መሃል አካባቢ ደመቅ ብሎ ይበቃል። እየተናገረች ከሆነ በቃሏም ትበለው፣ ድምፅ አጥፍቶ ለሚያይ ጽሑፉ አለ፣ ስክሪን ለማያይ ድምፁ አለ። ላይቭ ከገባች ደግሞ በየመሃሉ ትድገመው፣ መጀመሪያ ላይ ያልነበረ ሰው ሁልጊዜ አለ።

የድርጅቱ ሰው ነገር ነው የቀረው። «ከፊት ከጻፋችሁት ሰው ያልፈዋል» ማለቱ አንድ ነገር ይነግርሻል፦ ክፍያውን ማወቁ የአንባቢውን ውሳኔ እንደሚቀይር እሱም ያውቃል። እንዲነገር የሚያስፈልገውም በዚሁ ምክንያት ነው። ይህ የእሱ ድርጅት ብቻ ጠባይም አይደለም። ሎርድ ኤንድ ቴይለር የሚባለው የአሜሪካ ልብስ ሻጭ እ.ኤ.አ. በ2015 ለ50 የፋሽን ኢንፍሉዌንሰሮች አንድ ዓይነት ቀሚስ በነፃ ሰጠና ከ1,000 እስከ 4,000 ዶላር ከፈላቸው። የድርጅቱን ስምና ሃሽታጉን እንዲጽፉ በውል አስገደዳቸው፣ ፖስቶቹን ቀድሞ አየ፣ አንዳንዱን አስተካከለ። መከፈላቸውን እንዲናገሩ ግን አላስገደደም፣ ማንም አልተናገረም፣ ቀሚሱም ተሸጦ አለቀ። ኤፍቲሲ በ2016 ጉዳዩን ሲያነሳ ድርጅቱ «እኛ አልጻፍነውም» ሊል አልቻለም። ለሃሽታግ ቦታ የሚያስብ ውል ለክፍያውም ቦታ ማግኘት ነበረበት።

ለሰውዬው በስልክ አትከራከሪ፣ በጽሑፍ ላኪለት። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ሰላም፣ ረቂቁን ልከናል። ማስታወቂያ መሆኑና ክፍያው መጀመሪያ መስመር ላይ ነው፣ ስቶሪዎቹም ላይ ይኖራል። ስለ ዘይቱ የተሳሳተ መረጃ ካለ አርሙልን፣ እናስተካክላለን። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ግን እንዳለ ይቆያል፣ ካልተስማማችሁ ከመለጠፋችን በፊት አሳውቁን።»

አብዛኛውን ጊዜ እሺ ይላሉ። እምቢ ካሉ ምንም ሳይለጠፍ ሥራው ይቅር፣ ገንዘብ ከተቀበለች ትመልስ፣ ጠርሙሶቹንም ትመልስ። ጓደኛሽ ይህን የምትወስነው እሷ ናት፣ ስሟ ነው ያለው። ያንቺ ድርሻ የጻፍሽውን ነው። ከፊቱ የተቆረጠ ካፕሽን ለመላክ ግን አትስማሚ፣ ረቂቁንና መልእክቶቹንም አትደምስሺ፣ ነገ ማን ምን እንዳለ ሲጠየቅ ያስፈልጉሻል።

«አሁን ይለጠፍ፣ በኋላ እናርመዋለን» የሚል ሐሳብም ሊመጣ ይችላል። አይሆንም። መጀመሪያ ያየው ሰው ተመልሶ አያየውም። ኮሜንት ላይ ፒን ማድረግም እንደዚያው ነው፣ ኮሜንት ከፍቶ የሚያነብ ጥቂት ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ከዚህ በፊት የጻፍሽላት የተከፈለባቸው ፖስቶች ካሉ ገብተሽ እያቸው። በተለይ ኮዳቸው አሁንም የሚሠራ ከሆነ ሰው ዛሬም እያነበበ እየገዛባቸው ነው። ካፕሽን ማረም ይቻላል፣ ስለዚህ ከፊታቸው «ማስታወቂያ፦ ለዚህ ፖስት ተከፍሎኛል፣ በኮዴ ሲገዛም ኮሚሽን አገኛለሁ» የሚለውን ጨምሪ። ዕቃው ብቻ በነፃ መጥቶ ካልተከፈለ ደግሞ ልክ እሱን ጻፊ፦ «ይህን ድርጅቱ በነፃ ልኮልኛል፣ ለመጻፌ ግን አልተከፈለኝም»። ኮዳቸው ከሚሠራው ጀምሪ።